ሦስት መቶው ሊትር ከየት መጣ? የአንድ ረጅም ክር ውሎ

ይህ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ የውይይት ክር የተከፈተው ጥቅምት 2018 መጀመሪያ ላይ ነው። ከፋቿ አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ ልትጀምር ያሰበች ሴት ናት። ወተቱን ከሱሉልታ ገበሬዎች ትገዛለች፣ ፓስቸራይዝ አድርጋ ታሽጋለች፣ ለካፌዎችና ለሱፐርማርኬቶች ታከፋፍላለች። ለብድር ቢዝነስ ፕላን አስገብታ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ 12,045,000 ብር ይላል። የባንኩ ሰው ፕላኑን መለሰላት። እያንዳንዱ የገቢ ቁጥር ከምን ማስረጃ እንደተነሣ የሚያሳይ የግምት መዝገብ አያይዢ አላት። የእሷ ጥያቄ አጭር ነው፤ ይሄ መዝገብ የሚባለው ነገር ምንድን ነው፣ ወይስ እኔን ማመላለሻ ነው? ንዴቷ ከጽሑፉ ይሰማል።

መልስ 1 ደግ ሰው ነው፣ ግን ጥያቄውን ስቶታል። መዝገብ ሲባል የዕለት ሽያጭ ደብተር መስሎት ካሽ ሬጅስተር ስለመግዛትና ደረሰኝ ስለመቁረጥ ሦስት አንቀጽ ጻፈላት። መልስ 2 በጨዋ ቋንቋ አረመው። ሱቁ ገና አልተከፈተም፣ ያልተሸጠ ወተት ደረሰኝ የለውም አለ። መዝገቡ የሚይዘው ወደፊት ይሸጣል የተባለው ለምን እንደተባለ ነው።

መልስ 3 ላይ ጨዋነቱ አለቀ። ጻፊው ነጋዴ ይመስላል። ባንክ ፕላን አያነብም፣ የሚያየው የቤት ካርታ ነው ብሎ ደመደመ። መያዣ ካለሽ አንድ ገጽም ይበቃል፣ ከሌለሽ አንድ ሺህ ገጽም አይረዳሽም። ሃያ ሰው ወደደለት። እኔም ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ግን ሴትየዋ የጠየቀችው ብድሩ ይሰጠኛል ወይ አይደለም።

መልስ 4 የመጣው የብድር ማመልከቻ ሲገመግሙ ከኖሩና አሁን ጡረታ ከወጡ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ ክሩን የያዙት እሳቸው ናቸው። ለመልስ 3 ሲመልሱ መያዣ የባንኩን ገንዘብ ያድናል፣ የልጅቷን ቤት ግን አያድንም አሉና አለፉት። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው አሥራ ሁለት ሚሊዮኑ እንዴት እንደተሠራ ኤክሴሉ ላይ ያለውን ፎርሙላ እንዳለ እንድትለጥፍ ጠየቁ። መልስ 5 ላይ ለጠፈችው፦

```
=300*365*110
```

ሦስት መቶ ሊትር በቀን፣ 365 ቀን፣ ሊትሩ 110 ብር። መልስ 6 ላይ አንድ ጎረምሳ በሳቅ ምልክት ብቻ መለሰ። አዛውንቱ ግን አልሳቁም። መልስ 7 የክሩ ረጅሙ መልስ ነው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነሡ።

መጀመሪያ 300ን ያዙ። ከየት እንደመጣ ሲጠይቋት ማሽኑ በአንድ ዙር 150 ሊትር ይይዛል፣ በቀን ሁለት ዙር ይሠራል አለች። እሳቸው ያሉት ይሄ ማሽኑ የሚችለው እንጂ ሰው የሚጠጣው አይደለም ነው። ማሽኑን የሚሸጥላት ድርጅት የሰጣት ወረቀት ጥሩ ማስረጃ ነው፣ ግን የሌላ ነገር ማስረጃ ነው። የማምረት አቅምን ያረጋግጣል፣ ፍላጎትን አያረጋግጥም። በእሳቸው ልምድ በገቢ ሠንጠረዥ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ይህ ነው። ቁጥሩ ፈጠራ ስላልሆነ ሰውዬው በሙሉ ልብ ይከራከርለታል።

እሷ መልስ 8 ላይ ተከላከለች። ፍላጎቱንም አይቻለሁ አለች። አሥራ ሁለት ካፌዎች በቀን 20 ሊትር እንወስዳለን ብለዋታል፣ ያ 240 ነው። ሁለት ሱፐርማርኬቶች 30፣ 30 ይወስዳሉ፣ ያ 60 ነው። ድምሩ ልክ 300።

አዛውንቱ መልስ 9 ላይ ይህን ልክ መምጣቱን ነው የተጠራጠሩት። ከሁለት የተለያየ ቦታ የመጡ ቁጥሮች ልክ እንደ ቁልፍና ቁልፍ ቀዳዳ ከገጠሙ አንዱ ለሌላው ተብሎ ተቆርጧል ማለት ነው አሉ። የትኛው እንደሆነ ራሷ ታውቀዋለች። ለሦስት ቀን ዝም አለች። በኋላ ሱፐርማርኬቶቹን ጨርሶ እንዳላነጋገረቻቸው፣ 60ውን የጻፈችው ማሽኑን ለመሙላት እንደሆነ አመነች። እኔ በዚህ አከበርኳት፤ ስንቱ ሰው በዚህ ቦታ ክሩን ትቶ ይጠፋል።

መልስ 10 ስለ 365 ነው። የጻፈው ሰው ስለታም ነው። ስቅለት ዕለት ማኪያቶ ልትሸጪ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ከዚያ የሆነውን ልትገምቱ ትችላላችሁ። ከ11 እስከ 15 ያለው ሁሉ የጾም ቆጠራ ሆነ። አንዱ የነቢያት ጾም 43 ቀን ነው አለ። ሌላው ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 በጣቱ ቆጥሮ 44 አለ። ሦስተኛው የሐዋርያት ጾምን ሕዝቡ ይጾመዋል አይጾመውም የሚል ክርክር አነሣ። አንድ ሙስሊም አንባቢ ደግሞ እኛስ ወተት አንጠጣም እንዴ ብሎ ገባ። ቀልድ መስሎ ነበር፣ ግን በኋላ እንደምታዩት ከሁሉም ይልቅ ለጉዳዩ የቀረበው እሱ ነው።

መልስ 16 ላይ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ጭቅጭቁን ወደ ሥራ መለሰችው። የ2018ን ቀን መቁጠሪያ ይዛ ቆጠረች። ዐቢይ ጾም 55፣ ነቢያት 44፣ ፍልሰታ 15፣ ነነዌ 3። ከእነዚህ ውጭ ያሉት ረቡዕና ዓርቦች 55፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሃምሳ ቀናትና ረቡዕ የዋለውን ገናን ትታ። ድምሩ 172 ቀን ሆነ። የሐዋርያት ጾም ሙሉ ከተቆጠረ 201 ይደርሳል። ከዚያ ያለችው ነገር ለእኔ የክሩ እንብርት ነው። ይህ ቁጥር በመዝገቡ ላይ ማስረጃው የቀን መቁጠሪያው ስለሆነ ጠንካራ ነው። በጾም ቀን ስንት ሊትር ይሸጣል የሚለው ግን ሌላ መስመር ነው፣ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። የሙስሊሙ አንባቢ ጥያቄም ይኸው ነው። የጾም ቀን ሽያጭ ዜሮ አይደለም። ልጆች አሉ፣ የማይጾሙ አሉ። ስንት ነው? ተከራክሮ አይገኝም፣ ተቆጥሮ ነው።

መልስ 17 ግማሽ ልክ የሆነ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ጣጣ ትታ ከጠቅላላው 30 በመቶ ብትቀንስ ባንኩም ይደሰታል፣ እሷም ታርፋለች አለ። ብዙ አማካሪ እንዲህ ያደርጋል ሲል ጨመረ። እውነት ነው፣ ያደርጋል። ጥንቃቄውም መጥፎ አይደለም። አዛውንቱ ግን መልስ 18 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጣ አሉ። ሠላሳው በመቶ ራሱ ቁጥር ነው፣ እሱስ ከየት መጣ? በመዝገቡ ላይ በየትኛው መስመር ልትጽፈው ነው? ምንጭ የሌለውን ቁጥር ምንጭ በሌለው ቁጥር ብትቀንሰው ምንጭ አያገኝም አሉ። ሰውየው ተቀየመ። እርስዎ ባንክ ውስጥ ተቀምጠው ስንቱን ወጣት እንዳስለቀሱ ያስታውቃል ብሎ መለሰ። አወያዩ አንድ መልስ ሰረዘ። ምን እንደነበረ አላየሁትም።

መልስ 20 ላይ ሒሳብ ሠራተኛዋ መዝገቡ እንዴት እንደሚሠራ አሳየች። አንድ ኤክሴል ፋይል፣ ሁለት ገጽ። አንደኛው ገጽ ላይ ግምቶቹ ብቻ ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ግምት አንድ መስመር። መለያ ቁጥር፣ ምን እንደሆነ፣ ዋጋው ከነመለኪያው፣ ማስረጃው ምን እንደሆነና የት ፋይል ውስጥ እንደሚገኝ፣ ማን በየትኛው ቀን እንዳገኘው፣ የማስረጃው ጥንካሬ። ጥንካሬውን በአራት ደረጃ ከፈለችው፦ የተፈረመ ውል፣ በዓይን ታይቶ የተቆጠረ፣ በቃል የተባለ፣ ግምት። ግምት ብሎ መጻፍ ነውር የለውም አለች። ነውሩ ግምቱን ውል አስመስሎ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ገጽ የገቢ ስሌት ነው። እዚያ ውስጥ አንድም ቁጥር በእጅ አይተየብም። ሁሉም Log ከተባለው ከመዝገቡ ገጽ ይጠራል፦

```
=Log!C4*Log!C5*Log!C6
```

መፈተሻውም ቀላል ነው። ገቢው ገጽ ላይ F5 ተጭኖ Special ውስጥ ገብቶ Constants መምረጥ፣ ከሥሩ Numbers ብቻ ምልክት እንዲኖረው ማድረግ። በእጅ ብቻቸውን የተተየቡ ቁጥሮች ያሉባቸው ሳጥኖች በሙሉ ተመርጠው ይታያሉ። እያንዳንዳቸው ከመዝገቡ ያመለጡ ናቸው። ግን ይህ ፍተሻ እንደ መልስ 5 ያለውን አያገኝም። እዚያ ቁጥሮቹ ፎርሙላ ውስጥ ስለተደበቁ ኤክሴል እንደ ፎርሙላ ነው የሚያያቸው። እነዚያን በ Show Formulas ገልጦ በዓይን ማየት ግድ ነው። እኔ የራሴን አሮጌ ፋይል ከፍቼ ሞከርኩት። ውጤቱን አልነግራችሁም።

መልስ 22 ከቨርጂኒያ የጻፈ ሰው ነው። ዘመዱ አገር ቤት ለሚከፍተው ሥራ ገንዘብ እንዲልክ ጠይቆት ፕላን ልኮለታል። እሱም ይኸው መዝገብ እንዲያያዝ ቢጠይቅ ዘመዱ አላመንከኝም ብሎ ስልክ ማንሣት አቆመ። ምን ላድርግ አለ። ሦስት ሰው ላክለት አለው፣ አራት ሰው አትላክ አለው። አንዷ እናትህ ምን አለች ብላ ጠየቀችው። ይህ ሁሉ ከርዕሱ ውጭ ነው፣ ግን ሰው ሁሉ ያነበበው እሱን ነው።

የወተቷ ባለቤት ኅዳር መጀመሪያ ላይ ተመልሳ መጣች፤ መልስ 26። አሥራ ሁለቱን ካፌዎች ዞራ የግዢ ደብተራቸውን እንዲያሳዩአት ለምናለች። ሦስቱ ፈቀዱ። የመስከረምንና የጥቅምትን ስምንት ሳምንት ቀን በቀን ገልብጣለች፣ ገጾቹንም በስልክ አንሥታለች። በፍስክ ቀን አንድ ካፌ በአማካይ 18 ሊትር ይገዛል። ረቡዕና ዓርብ 5 ሊትር። ሃያ ያሏት ሁሉ አልዋሹም፤ ቅዳሜና እሑድ ሃያና ከዚያ በላይ ይገዛሉ። ሰው ሲጠየቅ የሚያስታውሰው ጥሩ ቀኑን ነው።

ዋጋውንም አየችው። 110 ብር የሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ፎቶ ያነሣችው ዋጋ ነበር። ያ ለመጨረሻው ጠጪ የሚሸጥበት ነው። ካፌዎቹ ዛሬ ለሚያመጣላቸው ሰው የሚከፍሉት በሊትር 95 ብር እንደሆነ ከዚያው ደብተር አገኘችው። ሱፐርማርኬቶቹን ውል እስኪፈረም ድረስ ዜሮ አድርጋ መስመራቸውን ብቻ አስቀረች። አዲሱ ስሌት እንዲህ ወጣ። አሥራ ሁለት ካፌ በ18 ሊትር 216 ሊትር፣ ለ193 የፍስክ ቀን 41,688 ሊትር። በ5 ሊትር 60 ሊትር፣ ለ172 የጾም ቀን 10,320 ሊትር። ድምሩ 52,008 ሊትር፣ በ95 ብር 4,940,760 ብር። አሥራ ሁለት ሚሊዮኑ ወደ አምስት ወረደ። መልእክቷ መጨረሻ ላይ በቀን 300 ሊትር የሚያወጣ ማሽን እንደማያስፈልጋትና ብድሩንም ልታሳንሰው እንደሆነ ጻፈች።

መልስ 3 ላይ የነበረው ነጋዴ ተመልሶ መጣ። አያችሁ፣ መዝገቡ ሥራውን ገደለባት አለ። አዛውንቱ ሥራው እንዳልሞተ፣ የሞተው ወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ሰባት ሚሊዮን ብር እንደሆነ መለሱለት። ነጋዴው አላመነም። ግን የሚቀጥለው ጥያቄው ጥሩ ነበር። ላም አትጾምም አለ። ገበሬው በዐቢይ ጾምም ወተቱን ያመጣል፣ ያን ቀን አልገዛም ካልሽው በፋሲካ ለሌላ ይሸጥልሻል። ታዲያ ትርፉን ወተት የት ታደርጊዋለሽ? እሷ ቅቤ አወጣዋለሁ አለች። ሒሳብ ሠራተኛዋ ወዲያው ጣልቃ ገባች። ቅቤ አዲስ የገቢ መስመር ነው፤ ስንት ሊትር ለአንድ ኪሎ፣ ማን በስንት ይገዛዋል፣ መቼ? መስመሩ ይከፈት፣ ማስረጃ እስኪመጣ ግን ዋጋው ዜሮ ይሁን። ነጋዴው እንደ ፈረንጅ አታድርጉት ብሎ ወጣ።

መልስ 29 የኔን ጥርጣሬ የተናገረ ነው። ደብተራቸውን ያሳዩት ሦስቱ ካፌዎች እነማን ናቸው? ደብተር በሥርዓት የሚይዙት፣ ማለትም ደህና የሚሸጡት ሊሆኑ ይችላሉ። የሦስቱን አማካይ በ12 ማባዛት የዘጠኙን ዝምታ እንደ እሺታ መቁጠር ነው። እሷ ይህን እንደ ትችት ሳይሆን እንደ አዲስ መስመር ወሰደችው። የ18 ሊትሩ ጥንካሬ ለሦስቱ የታየ፣ ለዘጠኙ ግምት ተብሎ ለሁለት ተከፈለ።

በዚያው ሰሞን መልስ 30 ላይ ሌላ ሰው ፍሬ ያለው ነገር አነሣ። የረቡዕና የዓርብ 5 ሊትር ለረጅም ጾም ማስረጃ አይሆንም። ረቡዕ የጾመ ሰው ሐሙስ ይጠጣል። ሃምሳ አምስት ቀን ሲሆን ካፌው ራሱ ወተት ማዘዝ ሊያቆም፣ ወይም ደግሞ ሰዉ እየላላ ሊሄድ ይችላል። የነቢያት ጾም ከሳምንት በኋላ ይገባል፣ ለምን ቆመሽ አትቆጥሪም አላት።

ቆጠረች። መልስ 33 ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የተጻፈ ነው። ከኅዳር 15 እስከ 28 ባሉት ሁለት ሳምንታት ረቡዕና ዓርብ እንደ ድሮው ወደ 5 ሊትር ናቸው። በሌሎቹ ቀናት ግን 11 ሊትር ይሸጣል። የነቢያትን ጾም ብዙ ሰው እንደ ረቡዕና ዓርብ አያጠብቀውም ማለት ነው፣ ቢያንስ በእነዚያ ሦስት ካፌዎች። ከ44ቱ ቀን 12ቱ ረቡዕና ዓርብ ናቸው፣ የተቀሩት 32 ቀናት በካፌ 6 ሊትር ጨመሩ። በ12 ካፌ 2,304 ሊትር፣ 218,880 ብር። ድምሩ 5,159,640 ደረሰ። መዝገቡ ቁጥር ሲጨምርላት ያየችው ያን ቀን ነው። ደስታዋ ትንሽ የበዛ መሰለኝ፤ የቆጠረችው ሁለቱን ሳምንት ነው፣ ጾሙ ግን ስድስት ሳምንት አልፎ ነው የሚያበቃው። ያንንም መዝገቡ ላይ ጽፋዋለች።

መልስ 34 ላይ አንድ የታክስ አማካሪ ነኝ ያለ ሰው 95 ብሩ ቫትን ይጨምራል ወይ ብሎ ጠየቀ። የምትሸጪው ነገር ቫት የሚከፈልበት ከሆነና 95ቱ ቫቱን ካካተተ የአንቺ ገቢ በ1.15 ተካፍሎ ወደ 82 ብር ከ61 ሳንቲም ይወርዳል። ካልሆነ ባለበት ይቆያል። እዚህ መድረክ ላይ መልስ አትፈልጊ፣ በጽሑፍ ጠይቀሽ የተሰጠሽን ደብዳቤ ከመዝገቡ ጋር አያይዢው አላት። ሁለት ሰዎች በመድረኩ ላይ መልስ ሊሰጡ ሞከሩ፣ እርስ በርስም አልተስማሙ።

ክሩ እስካሁን አልተዘጋም። በመጨረሻ የለጠፈችው የመዝገቡ ፎቶ ላይ አሥራ አንድ መስመር አለ። ሰባተኛው የዐቢይ ጾም ሽያጭ ነው። ዋጋው 5 ሊትር፣ ጥንካሬው ግምት፣ የሚቆጠርበት ቀን ከየካቲት 9 ጀምሮ ይላል። የማስረጃው ሳጥን ባዶ ነው። ከሥሩ ያለው የመጨረሻው መልስ የቨርጂኒያው ሰው ነው፤ ዘመዱ ስልኩን አንሥቷል።